ሂስትሪው የሚደብቀው ስቶፕ፦ ከትሬዲንግ ጆርናል የሚደጋገም ስህተትን ማውጣት

ጥያቄ፦ «ጋሼ፣ የምኖረው ቨርጂኒያ ነው። ሥራ የምገባው ከሰዓት ስለሆነ ጠዋት ጠዋት ዩሮ ዶላር እነግዳለሁ፣ በሜታትሬደር 5። አራት ወር ሙሉ ጆርናል ይዣለሁ፤ አንድ ደብተር ሞልቷል። ቅዳሜ ቅዳሜ ቁጭ ብዬ አነበዋለሁ፣ ግን ‹ዲሲፕሊን ይጎድለኛል› ከማለት በቀር የምጨብጠው ነገር አጣሁ። የሚደጋገመውን ስህተቴን ከዚህ ውስጥ እንዴት ነው የማወጣው?»

መልስ፦

ወንድሜ፣ ደብተርህን ባላየውም «ዲሲፕሊን ይጎድለኛል» ያልካት ቃል ብዙ ነገረችኝ። እንዲህ የሚጽፍ ሰው ትሬዱ ካለቀ በኋላ፣ አብዛኛውን ጊዜም ከከሰረ በኋላ የተሰማውን ነው የሚጽፈው። ስሜት ደግሞ ለቆጠራ አይመችም። ሃያ ቦታ ላይ «ትዕግስት አጣሁ» ብለህ ጽፈህ ከሆነ፣ ሃያውም አንድ ዓይነት ጥፋት ይሁን አይሁን ቅዳሜ ላይ የምታውቅበት መንገድ የለህም። ስለዚህ ደብተሩን ማንበቡን ተወውና ወደ መቁጠር እንሂድ። ለዚያ እያንዳንዱን ትሬድ በአንድ መለኪያ መለካት ይኖርብሃል፤ ስህተት ብለህ የምትመዘግበውም በሰዓትና በዋጋ የሚታይ፣ እጅህ የሠራው ነገር መሆን አለበት።

ከመለኪያው ልጀምር። ወደ ትሬዱ ስትገባ «ይህን ያህል ብከስር እወጣለሁ» ያልከው ገንዘብ አንድ አር ይባላል። አካውንትህ 5,000 ዶላር ቢሆንና በአንድ ትሬድ አንድ በመቶ ብትደፍር፣ አንድ አር 50 ዶላር ነው። ስቶፕህ 20 ፒፕ ርቀት ላይ ከሆነ 0.25 ሎት ትገባለህ፣ ምክንያቱም በዩሮ ዶላር ላይ 0.25 ሎት በፒፕ 2 ዶላር ከ50 ሳንቲም ነው። 80 ዶላር ካተረፍክ 1.6 አር አተረፍክ ማለት ነው፤ ስቶፕ ከመታህ አንድ አር ከሰርክ። በዶላር ከጻፍከው ግን ትልቅ ሎት የገባህበት አንድ ቀን ሌላውን ሁሉ ይውጠዋል፣ አንተም ስለ አገባብህ ሳይሆን ስለዚያ ቀን ስታስብ ትውላለህ።

አሁን ብዙ ሰው ሳያውቀው የሚወድቅበትን ነገር ልንገርህ። እኔም ወድቄበታለሁና በደንብ ልዘርዝረው። ሜታትሬደር የተዘጉ ትሬዶችን በ`History` በ`Positions` እይታ ሲያሳይህ፣ በስቶፕ ዓምድ ላይ የምታየው መጨረሻ ላይ የነበረውን ስቶፕ ነው። መጀመሪያ ያስቀመጥከው እዚያ የለም። ይህ ምን እንደሚያመጣ በአንድ ጠዋት እንየው። 9 ሰዓት ከ11 ላይ በ1.0836 ገዛህ እንበል፣ ስቶፑ 1.0816 ላይ ነው፣ ማለትም 20 ፒፕ። ዋጋው ወርዶ 1.0818 ሲደርስ «ትንሽ ብቻ ልተንፍስ» ብለህ ስቶፑን ወደ 1.0804 አወረድከው። ዋጋው እዚያም ደርሶ መታህ። የከሰርከው 32 ፒፕ ነው፣ 80 ዶላር፣ በአንተ ዕቅድ ሲለካ 1.6 አር። `History` ላይ ግን መግቢያው 1.0836፣ ስቶፑ 1.0804፣ መውጫውም 1.0804 ነው። ከዚያ ላይ ብታሰላ በትክክል አንድ አር ይወጣልሃል። ሕግህን አክብረህ የከሰርክ ትመስላለህ። ለወራት ያህል ሰንጠረዤ ላይ ከአንድ አር የበለጠ ኪሳራ አንድም አልነበረም፣ አካውንቴ ግን ሰንጠረዡ ከሚለው በላይ ይቀንስ ነበር። ልዩነቱ የት እንደገባ ያወቅኩት የመጀመሪያውን ስቶፕ ለብቻው መጻፍ ከጀመርኩ በኋላ ነው።

ስለዚህ ትሬድ በከፈትክበት ደቂቃ፣ ምንም ሌላ ነገር ባትጽፍ እንኳ፣ የመጀመሪያውን ስቶፕ ጻፍ። ያለፉት አራት ወራትም ሙሉ በሙሉ አልጠፉም። በኮምፒውተር የነገድክ ከሆነ ከታች ባለው መስኮት `Journal` የሚለው ትር ትእዛዝ የቀየርክበትን ሰዓትና አሮጌውንና አዲሱን ስቶፕ ይመዘግባል፤ ከዚያ መልሰህ መልቀም ትችላለህ። በስልክህ የቀየርከው ግን ኮምፒውተሩ መዝገብ ላይ አይገኝም፤ ያኔ ያነሳኸው ስክሪንሾት ካለ እሱን ተጠቀም። ማወቅ ያልቻልከውን ትሬድ በግምት አትሙላ፣ ባዶ ተወው።

ትሬዶቹን ወደ ኤክሴል ለማውጣት `History` ላይ በቀኝ ተጭነህ `Report` የሚለውን ምረጥ። ቀኑ በነጥብ ተለያይቶ ከመጣ ኤክሴል እንደ ጽሑፍ ስለሚቆጥረው ነጥቦቹን ወደ ሰረዝ ቀይር። ከዚያ ለስምንት ነገር ብቻ ዓምድ ይበቃሃል። በቅደም ተከተል A ቁጥሩ፣ B የተከፈተበት ሰዓት፣ C የተዘጋበት ሰዓት፣ D አቅጣጫው፣ E መግቢያው፣ F የመጀመሪያው ስቶፕ፣ G መውጫው ነው። H ላይ አሩ ይሰላል፣ ለግዢም ለሽያጭም በዚሁ ቀመር፦

```
=IF(F2="","",(G2-E2)/(E2-F2))
```

ሰዓቱ ላይ ጥንቃቄ አድርግ። ሜታትሬደር የሚያሳየው የብሮከሩን ሰርቨር ሰዓት ነው። ብዙዎቹ ብሮከሮች ከኒውዮርክ ሰባት ሰዓት ቀድመው ያስቀምጡታል፤ አንተ ዘንድ ጠዋት 8፡30 ላይ የአሜሪካ የሥራ ስምሪት ወይም የዋጋ ንረት ቁጥር ሲወጣ፣ ስክሪኑ 15፡30 ይላል። የአንተን ብሮከር አንዴ ከግድግዳ ሰዓትህ ጋር አስተያይና ልዩነቱን ጻፈው። ደብተሩ ላይ ደግሞ አንዳንዱን ቀን በፈረንጅ ሰዓት፣ አንዳንዱን «ከጠዋቱ ሁለት ተኩል» እያልክ ጽፈህ ሊሆን ይችላል፤ ከአገር ቤት ከመጣን ሰዎች ይህ የተለመደ ነው። ሁሉንም ወደ አንድ ሰዓት ሳትመልስ ወደሚቀጥለው እርምጃ አትሂድ፣ ምክንያቱም የሚቀጥለው እርምጃ በሙሉ የቆመው በሰዓት ላይ ነው።

ባለፈው ዓመት አብሬው የተቀመጥኩት አንድ ልጅ እንዳንተው ጠዋት ጠዋት ዩሮ ዶላር ይነግድ ነበር። በአሥር ሳምንት ውስጥ 48 ትሬድ ነበረው፣ በድምሩ 6.3 አር ከስሯል። አንድ አሩ 50 ዶላር ስለነበር ወደ 315 ዶላር ነው። እሱ «ሴታፔ አይሠራም» ብሎ ሊቀይረው ተዘጋጅቶ ነበር። ደብተሩን ሳገላብጥ አንድ ነገር ደጋግሞ አየሁ፦ ኪሳራው ከተጻፈበት መስመር ቀጥሎ ያለው ትሬድ ብዙ ጊዜ የተከፈተው ወዲያው ነው፣ ስድስት ደቂቃ፣ አሥራ አንድ ደቂቃ፣ አራት ደቂቃ። እልህ ነው። ግን እልህ የሚለውን ቃል ሰንጠረዥ ላይ ማስገባት ስለማይቻል በሰዓት ተረጎምነው፦ በኪሳራ የተዘጋ ትሬድ ተከትሎ በ30 ደቂቃ ውስጥ የተከፈተ ትሬድ ሁሉ ምልክት ይደረግበት። 30 የምትለዋን ቁጥር የመረጥነው ውጤቱን ከማየታችን በፊት ነው፤ ይህ ለምን እንደሚጠቅም ወደ ኋላ እመለስበታለሁ። ቀመሩ ከሦስተኛው መስመር ጀምሮ በI ዓምድ ይገባል፦

```
=IF(AND(H2<0,B3>=C2,(B3-C2)*1440<=30),1,0)
```

ምልክት የተደረገባቸውን ድምር ለማግኘት፦

```
=SUMIF(I2:I49,1,H2:H49)
```

ውጤቱ እንዲህ ወጣ። ምልክት የሌለባቸው 34 ትሬዶች ነበሩ። ከእነሱ 15ቱ አትርፈዋል፣ በአማካይ 1.6 አር፣ ማለትም 24 አር። 19ኙ በአንድ በአንድ አር ከስረዋል። የተጣራው 5 አር ትርፍ ነው። ምልክት የተደረገባቸው 14 ነበሩ። ሦስቱ በአማካይ አንድ አር አተረፉ፣ 11ዱ በአማካይ 1.3 አር ከሰሩ፣ የተጣራው 11.3 አር ኪሳራ። ልጁ ለረጅም ጊዜ ዝም ብሎ ስክሪኑን አየ። ሊጥለው የነበረው ሴታፕ በትርፍ በኩል ነበር፤ አካውንቱን የበላው ከኪሳራ በኋላ የሚቸኩልበት ጊዜ ነው።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው ደስ ብሎት ሰንጠረዡን ይዘጋል። እኔ ግን ሦስቱን ያተረፉ ትሬዶች እንድታያቸው እፈልጋለሁ። ልጁ በራሱ ደብተር ላይ «በእልህ ገባሁ» ብሎ የጻፈው የከሰሩትን ብቻ ነበር። ያተረፉት ሦስቱ «ጥሩ አነባበብ» ተብለው ነው የተመዘገቡት፣ አንደኛው የተከፈተው ከኪሳራው አራት ደቂቃ በኋላ ቢሆንም። ድርጊቱ አንድ ነው፣ ስሙን የቀየረው ውጤቱ ነው። ልማዱን በሕይወት የሚያቆዩት ደግሞ እነዚህ ሦስቱ ናቸው፣ ምክንያቱም በሚቀጥለው ኪሳራ ጊዜ ትዝ የሚሉት እነሱ ናቸው። ምልክቱን ለትዝታህ ሳይሆን ለሰዓቱ እንድትተወው የምለው ለዚህ ነው። ሕግህን ጠብቀህ የከሰርከው ትሬድ በስህተት ዝርዝር ውስጥ አይገባም፤ ሕግህን ጥሰህ ያተረፍከው ግን ይገባል።

ቀጥሎ «ዕድል ቢሆንስ?» ብለህ ጠይቅ። ልክ ነህ፣ 14 ትሬድ ትንሽ ነው። ምልክት የሌለባቸው ከመቶ 44 ያህል ጊዜ ያተርፋሉ። እልህ የሚባል ነገር ባይኖርና 14ቱም በዚሁ መጠን የሚያተርፉ ቢሆኑ፣ ሦስት ወይም ከዚያ ያነሰ ትርፍ የማየት ዕድል ወደ 7 በመቶ ይሆናል። ትንሽ ነው፣ ግን የማይሆን ነገር አይደለም። በዚህ ብቻ ፈርጄ ቢሆን ኖሮ ጥርጣሬ ይቀረኝ ነበር። የበለጠ ያሳመነኝ ሌላው ቁጥር ነው፣ ያ 1.3 አር። ስቶፑ ከቦታው ካልተንቀሳቀሰ ኪሳራ በዚያ ረጋ ባለ ገበያ ከአንድ አር እምብዛም አያልፍም። ከ11ዱ ኪሳራዎች አምስቱ ልክ አንድ አር ነበሩ፤ ስድስቱ ግን በድምሩ 9.3 አር፣ በአማካይ 1.55 ናቸው። ስድስቱም ላይ ስቶፑን አስፍቷል፣ `Journal` ላይ ሰዓቱ ተጽፎ አለ። ምልክት በሌለባቸው 19 ኪሳራዎች ላይ አንድም ጊዜ አላሰፋም። ይህን ገበያው አላደረገውም፣ እጁ ነው ያደረገው፤ በዕድል የሚብራራበት መንገድ የለም። አንተም ሰንጠረዥህን ስታይ ከትርፍና ኪሳራ ብዛት ይልቅ እንዲህ ያለውን ቁጥር አስቀድመህ ፈልግ፦ የመጀመሪያውን ስቶፕ ያለፈ ኪሳራ፣ ከዕቅዱ የተለየ ሎት፣ ዕቅድህ ላይ ከጻፍከው ሰዓት ውጭ የተከፈተ ትሬድ። ለእነዚህ ጥቂት ትሬዶችም በቂ ማስረጃ ይሆናሉ።

ስህተት የሚመስል ሁሉ ስህተት እንዳልሆነም እወቅ። አንዲት እህት «ትርፍ ሲታየኝ ቶሎ እወጣለሁ፣ ይህ ነው የሚጎዳኝ» ብላ መጣች። ዒላማዋ 2 አር ነበር። ቀድማ የወጣችባቸው 9 ትሬዶች በድምሩ 6.3 አር አስገኝተውላታል። ከዚያ ቻርቱን ከፍተን እያንዳንዱን ወደፊት ተከተልነው፣ ዒላማው ወይም የመጀመሪያው ስቶፕ የቱ ቀድሞ እንደተነካ እያየን። አራቱ ዒላማ ነክተው ነበር፣ 8 አር። አምስቱ ተመልሰው ስቶፕ መቱ፣ 5 አር ኪሳራ። ብትቆይ ኖሮ የሚቀራት 3 አር ነው። እሷ የምታስታውሰው ከወጣች በኋላ ሽቅብ የሄዱትን አራቱን ነበር፣ ተመልሰው የወረዱትን አምስቱን ማንም ተከትሎ አያይም። ዘጠኝ ትሬድ ብዙ ስላልሆነ «ሁልጊዜ ቶሎ ውጪ» አላልኳትም። ያልኳት ይህን ከስህተት ዝርዝርሽ አውጪና ዒላማሽ ለዚህ ሰዓት ይርቅ እንደሆነ ለብቻው መዝግቢ ነው።

አሁን ወደ 30 ደቂቃዋ ልመለስ። ሰንጠረዡ ከተዘጋጀ በኋላ መፈለግ ደስ ይላል፣ እዚያ ላይ ነው የሚሳሳቱት። 48 ትሬድን በአምስት የሥራ ቀን፣ በሦስት የሰዓት ክፍልና በሁለት አቅጣጫ ብትከፍለው ሠላሳ ሳጥን ይሆናል፣ በአንዱ ሳጥን ውስጥ በአማካይ ሁለት ትሬድ እንኳ አይደርስም። «ረቡዕ ከ9 ሰዓት በኋላ ስሸጥ እከስራለሁ» የሚል ግኝት ሳታገኝ አትቀርም፣ በሚቀጥለው ወር ግን ይጠፋል። በደቂቃውም እንደዚሁ ነው። 17 ደቂቃ፣ 23 ደቂቃ እያልክ ውጤቱ የሚያምርበትን ከመረጥክ ያለፈውን ብቻ የሚገልጽ ቁጥር ያዝክ። እኛ 30ን ይዘን ከቆጠርን በኋላ በ15ና በ60 ደቂቃም ሞክረነዋል፤ በሁለቱም የምልክቱ ወገን በግልጽ ኪሳራ ላይ ነበር። እንዲህ ቁጥሩ ሲነካካ የማይፈርስ ከሆነ ያዘው። ለአንድ ጊዜ ክለሳ ከሁለት ጥርጣሬ በላይ አትፈትሽ፣ ጥርጣሬውንም ቀመር ከማስገባትህ በፊት በወረቀት ጻፈው።

ለልጁ የወጣው ሕግ ሁለት መስመር ነበር። ከኪሳራ በኋላ 30 ደቂቃ አዲስ ትእዛዝ የለም፤ ስቶፕ ወደ ትርፍ አቅጣጫ እንጂ ወደ ኪሳራ አይንቀሳቀስም። 30 ደቂቃውን በባዶ እጅ መጠበቅ ከባድ ስለሆነ በዚያ ጊዜ ፕላትፎርሙን ዘግቶ የከሰረውን ትሬድ ጆርናል ላይ ይሞላል፣ ስክሪንሾቱን ያስገባል። በየሳምንቱ ቅዳሜ ገበያው ተዘግቶ እያለ የጎደለውን ስቶፕና ሰዓት ብቻ ያሟላል፤ ትርፍና ኪሳራ አይደምርም። ቆጠራው የሚደረገው 40 አዲስ ትሬድ ሲሞላ ነው። ያኔም መጀመሪያ የሚታየው ሕጉ ስንት ጊዜ እንደተጣሰ ነው። በፊት ከ48 ትሬድ 14ቱ ምልክት ነበረባቸው። ከ40 አራት ሆኖ መጣ፣ ስቶፕ የሰፋበት አንድ። ያ ለውጥ የእሱ ነው፣ በዚያ ወር ገበያው ደግ ይሁን ክፉ አይለውጠውም።

አንተም ይህን ስታደርግ አንድ ነገር ይገጥምህ ይሆናል፦ ምልክቱ ጠፍቶም አካውንቱ አያድግም። የልጁን 34 «ንጹሕ» ትሬዶች ተመልከት፣ 5 አር ለ34 ሲካፈል በአንድ ትሬድ 0.15 አር ያህል ነው። ስፕሬዱ መግቢያና መውጫ ዋጋው ውስጥ አለ፣ ኮሚሽኑ ግን በዋጋ በተሰላ አር ውስጥ አልገባም። በሎት ደርሶ መልስ 7 ዶላር ቢከፍል፣ በ0.25 ሎት 1 ዶላር ከ75 ሳንቲም ነው፣ 0.035 አር። በ34 ትሬድ 1.2 አር ገደማ ይወስድና የሚቀረው 3.8 አር ነው። ስለዚህ የአንተን ሰንጠረዥ ስትጨርስ የኮሚሽኑን ዓምድ ጨምርበት፣ ምልክት የሌለባቸውን ትሬዶች ለብቻቸው ደምር። እነሱ ራሳቸው ከዜሮ በታች ከሆኑ ችግሩ አገባብህ ነው፣ ሌላ ሥራ ይጠይቃል። ከዜሮ በላይ ከሆኑ ሴታፕህን ሳትነካ 40ውን ትሬድ ጨርስና ያኔ የመጀመሪያውን ስቶፕ የያዘውን ሰንጠረዥ ይዘህ ተመለስ፤ አብረን እናየዋለን።